ብረቱ የቆመበት ቦታ እና ጉልበት ያለቀበት ቦታ፦ ድሬዳዋ ላይ የአንድ ቤንች ጉዳይ

ልጁ ለገሃሬ አካባቢ በያጅ ነው። 27 ዓመቱ ነው፣ ክብደቱ 72 ኪሎ፣ ብረት መሥራት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። የምንሠራው ሳቢያን ውስጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አንድ ግቢ ነው። ሙቀቱ ስለማያስችል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እንጀምራለን፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እንበተናለን። እኔ ከሁሉም ቀድሜ የጀመርኩ ስለሆንኩ አዲስ የሚመጡትን የማሳየው እኔ ነኝ።

ይህ ልጅ ቤንች ላይ፣ ማለትም አግዳሚ ላይ በጀርባው ተኝቶ ብረት ሲገፋ፣ 80 ኪሎ አልነሳ ካለው አምስት ወር ሆኖት ነበር። የሚገርመው ሁልጊዜም የሚቆምበት ቦታ አንድ መሆኑ ነው። ብረቱን ደረቱ ላይ ያወርዳል፣ ሲገፋው ቀለል ብሎ ይነሳል፣ መዳፍ ያህል ከፍ ይላል፣ ከዚያ ግድግዳ እንደነካ ቀጥ ይላል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይንቀጠቀጣል፣ ከራስጌው የምቆመው እኔ እይዝለታለሁ። ያንን ቦታ ብቻ ካለፈ ግን፣ ማለትም በሁለት ጣት ትንሽ ካገዝኩት፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። «አቦ እዚህች ጋ ብቻ ምን ይይዘኛል?» ይለኝ ነበር፣ አየር ላይ በጣቱ እያሳየኝ።

ጥያቄው ትክክል ነው። ኪሎው ከታች እስከ ላይ 80 ነው፤ ብረቱ መሀል መንገድ ላይ አይከብድም። ታዲያ ለምን አንዱ ቦታ ብቻ ይከብዳል?

ቀላሉን ላስቀድም። 5 ሊትር ውሃ የያዘ የዘይት ጀሪካን ውሰዱ፣ 5 ኪሎ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ወደ ታች አንጠልጥሉት፤ የክንድ ፊተኛው ጡንቻ ምንም አይሠራም ማለት ይቻላል። አሁን ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ እጠፉት። ትከሻችሁ ደረጃ ከመድረሱ በፊት፣ ከክርን እስከ መዳፍ ያለው ክንድ ልክ እንደ ጠረጴዛ አግድም ሲሆን፣ እዚያ ላይ ያቃጥላል። ምክንያቱ በአግድም ሲለካ መዳፋችሁ ከክርናችሁ 30 ሴንቲሜትር ያህል መራቁ ነው። 5 ኪሎ ሲባዛ በ30፣ 150 ነው። ክንዱ ግማሽ ብቻ ሲታጠፍ፣ ማለትም በ45 ዲግሪ ሲሆን፣ ያ አግድም ርቀት ወደ 21 ይወርዳል፤ ስለዚህ 105። ጀሪካኑ አልተለወጠም። የተለወጠው ከመገጣጠሚያው ያለው አግድም ርቀት ነው። መገጣጠሚያው የሚሸከመው ኪሎውን ብቻ ሳይሆን ኪሎው በርቀቱ ተባዝቶ የሚመጣውን ነው። በር ሲከፈት ማጠፊያው አጠገብ ከመግፋት እጀታው ጋ መግፋት የሚቀለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚህ ግን ርቀቱ የሚያግዘው እኛን ሳይሆን ክብደቱን ነው።

ጀሪካኑ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ርቀቱ የሚበዛበት ቦታ ይከብዳል። ቤንች ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም፣ እኔም የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያልኩት «ትራይሴፕስህ ደካማ ነው» ነበር። ሁሉም ጂም ውስጥ የሚባል ነገር ነው፦ ደረቱን ከለቀቀ በኋላ ከቆመ ችግሩ ክንድ ነው። ስለዚህ ስድስት ሳምንት ሙሉ የክንድ ኋላ ጡንቻ ሠራን። ደረቱ ላይ ሁለት ጣውላ ደራርቤ ብረቱን እስከዚያ ብቻ እያወረደ እንዲገፋ አደረግሁት፣ ልክ ከሚቆምበት ቦታ ጀምሮ ማለት ነው። ሐሳቤ የተሰበረውን ቦታ ለብቻው ማጠንከር ነበር። ጣውላው ላይ ከ85 ወደ 95 ኪሎ ደረሰ። ደስ አለን። ጣውላውን አንስተን እስከ ደረቱ ሲያወርድ ግን 80 አሁንም እዚያችው ቦታ ላይ ቀጥ አለ። የስድስት ሳምንት ሥራው አንዲት ሴንቲሜትር አላነቃነቀውም። ልጁ ምንም አላለኝም፣ ግን ፊቱን አይቼ አዘንኩ።

መንገዱን ያሳዩን ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር መካኒክ ናቸው። ግቢው አጠገብ ነው የሚኖሩት፤ ጠዋት ጠዋት ወንበር አውጥተው ሻያቸውን እየጠጡ ያዩናል። ብረት አይነኩም። አንድ ቀን ልጁ ሲያቅተው አይተው «እኔ የምለው» አሉ፣ «ደንገጎን የሚወጣ የጭነት መኪና የሚቆመው የት ነው?»

«ዳገቱ መሀል ላይ ነዋ ጋሼ» አልናቸው።

«ጉልበቱ ያነሰው ግን እዚያ ነው ወይ? ከታች እየሮጠ መጥቶ እኮ ነው ያንን ያህል የወጣው። ሞተሩ የተሸነፈው ዳገቱ ሲጀምር ነው፤ ሩጫው ይዞት ሄዶ ሄዶ ሲያልቅ ቆመ። እናንተ የቆመበትን ቦታ ነው የምታክሙት።»

ከድሬ ወደ ሐረር የተመላለሰ ሰው ሁሉ ደንገጎን ያውቀዋል። የጋሼ ነገር እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። ብረቱ ከደረቱ ሲነሳ ፍጥነት አለው። ፍጥነት ያለው ነገር የሚገፋው ጉልበት ከክብደቱ ቢያንስም ወዲያው አይቆምም፤ ትንሽ ይሄዳል። ስለዚህ ብረቱ የቆመበት ቦታ ሩጫው ያለቀበት ነው። የልጁ ጉልበት ከ80 ኪሎ በታች የወረደው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ብረቱ መቀዝቀዝ የጀመረበት ላይ ነው። እኔ ጣውላ የደረደርኩት ደግሞ ከዚያ ቦታ በላይ ነበር።

እንግዲህ ያንን ቦታ ማግኘት ነበረብን። ስልክ ብቻ ነው የተጠቀምነው። የለስላሳ ሳጥን ላይ አቁመን፣ ከጎኑ ሦስት ሜትር ርቀን፣ ቁመቱን ከአግዳሚው ጋር አስተካክለን ቀረጽን። የብረቱ ጫፍ ላይ እና ትከሻው መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍን። ትልቁ ክብ ብረት ዳር እስከ ዳር 40 ሴንቲሜትር መሆኑን በሜትር ለክተን ስለነበር ስክሪኑ ላይ ያለውን ወደ ሴንቲሜትር ለመቀየር እሱን መለኪያ አደረግነው። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል ይቀርጻል፣ ቪዲዮውን ምስል በምስል እያስኬድን ብረቱ በእያንዳንዱ ስንት እንደተነሳ ወረቀት ላይ ጻፍን። አንድ ሴንቲሜትር ወዲህና ወዲያ ስህተት ይኖረዋል፣ ለእኛ ግን በቂ ነበር።

(በነገራችን ላይ መጀመሪያ ክብደቶቹን ገበያ ወስደን ሚዛን ላይ አስቀመጥናቸው። አብዛኞቹ እዚሁ የተቆረጡ ናቸው፤ «10» የተጻፈበት አንዱ 10.6 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ዓይነት ልዩነት አንድ ጎን ላይ ከተሰበሰበ ብረቱ ይጣመማል፣ ምክንያቱንም ሰውዬው ላይ ትፈልጋላችሁ። ከዚያ ወዲህ እኩያ እኩያውን አጣምረን እንጭናለን።)

ወረቀቱ ላይ የወጣው ይህ ነው። ብረቱ ደረቱን ሲለቅ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄደ፣ 4 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ምስል 1 ሴንቲሜትር ያህል ይነሳ ነበር። ትልቁ ፍጥነቱ ያ ነው። ከዚያ መቀነስ ጀመረ። 8 ሴንቲሜትር ላይ ግማሽ ቀረ። 11 ላይ ቆመ። ስለዚህ የዳገቱ መጀመሪያ 4 ሴንቲሜትር ነው፣ ልጁ በጣቱ የሚያሳየኝ ግን 11ኛውን፣ መኪናው የቆመበትን ነው። ጣውላዎቼ ሁለቱ ተደራርበው 9 ሴንቲሜትር ነበሩ።

ቀጥሎ ርቀቱን አየን። ቤንች ላይ እጅ ብረቱን የያዘበት ስፋት አይለወጥም፣ መዳፍ አይንሸራተትም። ስለዚህ በጎን በኩል መዳፍ ከትከሻ ያለው አግድም ርቀት ከታች እስከ ላይ ያው ነው። የሚለወጠው በራስና በእግር አቅጣጫ ያለው ነው። ብረቱ ደረት ላይ ሲያርፍ ጡት አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፣ ከትከሻ ወደ እግር በኩል ራቅ ይላል። ሲጨርስ ደግሞ ትከሻ አናት ላይ ነው የሚቆመው፣ ርቀቱ ዜሮ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። ለዚህ ነው ክንድ ተዘርግቶ ሲያልቅ ብረቱን ይዞ ማረፍ የሚቻለው። ጥያቄው በመካከል ያ ርቀት የት ላይ ያልቃል የሚለው ነው።

የልጁ ብረት ደረቱ ላይ ከትከሻው 15 ሴንቲሜትር ይርቃል። 4 ከፍታ ላይ አሁንም 15። የቆመበት 11 ላይ 14። ማለትም ቀጥ ብሎ እንደ አሳንሰር ነው የሚነሳው። በ70 ኪሎ፣ እሱ የሚችለውን ስናይ፣ ወደ ትከሻው መመለስ የሚጀምረው 18 ሴንቲሜትር ከተነሳ በኋላ ነው። ኪሎውን በርቀቱ ብናባዛው፣ 80 በ15 ሲባዛ 1200 ከታች ይጀምራል፣ 80 በ14፣ 1120 ይዞ ያ ክፉ ቦታ ላይ ይደርሳል። ሸክሙ ምንም አልቀነሰለትም።

እዚህ ላይ አንባቢ ይጠይቃል፦ ከታች 1200 ከሆነና ላይ 1120 ከሆነ፣ ለምን ደረቱ ላይ አይቆምም? ይበልጥ የሚከብደው እኮ እዚያ ነው። መልሱ ጡንቻው ላይ ነው። ብረቱ ሲወርድ የደረት ጡንቻ እየተሳበ፣ እየተወጠረና ክብደቱን እየያዘ ነው የሚወርደው። አቅጣጫ ሲቀየር ሙሉ በሙሉ ተነቃቅቶ ይጠብቃል፣ በመሳቡ የተጠራቀመ ጉልበትም አለው። ያ ተጨማሪ ጉልበት ብረቱን ከደረት ያስለቅቀዋል። ግን ዕድሜው አጭር ነው። ሲያልቅ ጡንቻው በራሱ መደበኛ አቅም ብቻ ይቀራል፣ ርቀቱ ደግሞ ገና ብዙ ነው። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ነው 4 ሴንቲሜትር። ብረቱን ደረታቸው ላይ እያነጠሩ የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ታች ጠንካራ የሚመስሉትም፣ ከዚያ ድንገት የሚሞቱትም በዚህ ነው።

ትራይሴፕስን ነፃ ያወጣነው በሌላ ቪዲዮ ነው። ከእግሩ በኩል ቀረጽነው። ብረቱ በቆመበት ሰዓት ከክርን እስከ መዳፍ ያለው ክንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ መዳፉ ልክ ክርኑ አናት ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ክብደቱ ክርን ላይ ያለው አግድም ርቀት ትንሽ ነው፣ ክርኑን ለመዘርጋት ብዙ አይታገልም። ሸክሙ ያለው ትከሻው ላይ ነው፣ የሚይዘውም ደረትና የትከሻ ፊት። መዳፉ ከክርኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እናገር ነበር።

ማስተካከያው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛው መንገዱ። ብረቱን እንደ ድሮው እዚያው ደረቱ ላይ ያሳርፋል፣ ሲገፋ ግን ከመጀመሪያዋ ሴንቲሜትር ጀምሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ራስጌው። «ወደ ጣሪያ አትግፋ፣ ወደ ብረት ማስቀመጫው ግፋ» ነበር የምለው። ይህ ቃል ብቻውን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ሠራ።

ሁለተኛው ቆሞ መግፋት። በ62.5 ኪሎ ብረቱን ደረቱ ላይ ሁለት ሰከንድ ያቆማል፣ ሳያነጥር፣ ሳይዝናና፣ ከዚያ ይገፋል። በመሳብ የተጠራቀመው ጉልበት በዚያ ጊዜ አብዛኛው ይጠፋል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 4 ሴንቲሜትሮች በንጹህ አቅም መሥራት ግድ ይለዋል። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ እንዲጠነክር ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አምስት ዙር፣ በዙር ሦስት። የክንድ ሥራውን ወደ አንድ ቀን ቀነስን፣ ጣውላው ተሰበሰበ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ አልነበረም። «ወደ ኋላ» ያልኩትን ከልክ በላይ ወሰደው። ክርኖቹን ወደ ጆሮው ከፍቶ፣ ብረቱን ገና ሳይነሳ ወደ አንገቱ ጎተተው። 70 ኪሎ ነበር፣ በእጄ ያዝኩት፣ ልቤ ግን ወደቀ። ከፊት ለፊት ትከሻውን ሁለት ቀን አመመው። ራስጌያችሁ ላይ ሰው ሳይቆም ይህንን ብቻችሁን አትሞክሩ፣ በአውራ ጣታችሁም ብረቱን ዙሪያውን ያዙት። እኛ ወደ 50 ኪሎ ወርደን ጀመርን። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ብረቱ እየተነሳ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው፣ እየሄደ አይደለም የሚነሳው። ክርኑም ከብረቱ በታች ሆኖ ይከተላል። ቪዲዮው ላይ ማወቂያው ቀላል ነው፤ ብረቱ ከትከሻው አልፎ ወደ ፊቱ ከተሻገረ በዝቷል፣ ርቀቱ በሌላ በኩል እንደገና ይፈጠራል።

ልጁ በያጅ በመሆኑ አንድ ነገር ረዳን። ከብረት ቱቦ ሁለት መደገፊያ በይዶ አመጣ፣ ብረቱ ከደረቱ 4 ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፍበት። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ከዚያ ላይ በዝግታ ማንሳት ጨመርን፣ በ65 ኪሎ፣ ሦስት ዙር። ጣውላው 9 ላይ ነበር፣ ይህ 4 ላይ ነው። አምስት ሴንቲሜትር ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ጣውላው ላይ 95 የገፋ ልጅ ከዚህ መደገፊያ ላይ መጀመሪያ ቀን 72.5 ነው ማስነሳት የቻለው። ያንን ሳይ ነው ስድስት ሳምንት የት እንደጠፋ በደንብ የገባኝ።

ሌላ እንቅስቃሴ ላይ ቦታው ይለያል፣ አጠያየቁ ግን ያው ነው። ስኳት ላይ፣ ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ ሲባል፣ ከታች ተነስቶ ጭኑ አግድም ከሆነበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይይዛል። ዴድሊፍት ላይ፣ ብረት ከመሬት ሲነሳ፣ አንዳንዱን መሬት ላይ፣ አንዳንዱን ጉልበቱ ጋ። ጉልበቱ ጋ የሚይዘው ሰው ብዙ ጊዜ ብረቱ ከእግሩ ርቆበት ነው፣ ያውም ገና ከመሬት ሲነሳ የራቀ። ሰዎች ወገባቸውን ይወቅሳሉ።

በአሥረኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ 80 ጫንን። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ በሩ አስጠግተው ነበር። ብረቱ ወረደ፣ ተነሳ፣ እዚያችው ቦታ ላይ ዝግ አለ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። አልቆመም። አለፈ። ቀጥሎ 85 ጫነ፣ ያንንም ረዥም ጊዜ ወስዶበት ጨረሰው።

ቪዲዮውን ስንለካ የ80ው 4 ሴንቲሜትር ላይ ርቀቱ 12፣ 11 ላይ ደግሞ 9 ሆኖ ነበር። ስለዚህ በዚያ ክፉ ቦታ 1120 የነበረው ወደ 720 ወርዷል። ይህን አይቶ ሸክሙ ከሦስት አንድ እጅ ቀነሰ፣ እንግዲያው 120 ኪሎ መግፋት ነበረበት የሚል ይኖራል። አይደለም። ይህ በራስና በእግር አቅጣጫ ያለው ብቻ ነው። በጎን በኩል ያለው፣ በእጅ አያያዝ ስፋት የሚመጣው፣ አልተነካም፤ እሱም ከባድ ድርሻ አለው። የጡንቻው የራሱ መያዣ ርቀትም በየማዕዘኑ ይለያያል፣ ያንን በስልክ መለካት አንችልም። ሁሉም ተደማምሮ ያገኘው ካቃተው 80 በላይ 5 ኪሎ ነው። አምስት ወር ላልተነቃነቀ ሰው ግን ብዙ ነው።

ደግሞም ያ ዝግ የሚልበት ቦታ አልጠፋም። ፍጥነቱ 4 ሴንቲሜትር አካባቢ ላይ አሁንም ይቀንሳል። የተለወጠው ዜሮ ሳይደርስ ማለፉ ነው። ዝግ ማለቱ የአካሉ አሠራር ነው፣ ከባድ ብረት በሚገፋ ሰው ሁሉ ላይ ይታያል።

በሚቀጥለው ሳምንት 87.5 ሞከረ። 12 ሴንቲሜትር ላይ ቆመ። አነሳሁለት፣ ተቀምጦ ስልኩን ከፈተ፣ ራሱ ምስል በምስል ሄደ። መንገዱ ጥሩ ነበር፣ ርቀቱ 9፣ ክርኖቹ ከብረቱ በታች። ሁለተኛ ጊዜ ደገመው፣ ወረቀቱን አጣጠፈና «አቦ አሁንስ የሚስተካከል ነገር የለም፣ ደረቴ ማደግ አለበት» አለኝ። ሰኞ በ60 ኪሎ አራት ዙር፣ በዙር አሥር ጀመርን።